የደመወዝ ፋይል ባንክ ላይ ከመጫኑ በፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

"ድምሩ ከፔሮሉ ጋር ገጥሟል፣ የሰውም ቁጥር ልክ ነው። ሌላ ምን ይታያል?"

ለማን ስንት እንደሚገባ ይታያል። የተጣራ ደመወዛቸው እኩል 9,400 ብር የሆነ ሁለት ሰራተኞች አሉ እንበል፣ መለያ ቁጥራቸው 114 እና 127። ፋይሉ ሲዘጋጅ የ114 መስመር ሁለቴ ተለጠፈ፣ የ127 ቀረ። ድምሩ ንቅንቅ አይልም። የመስመሩም ብዛት ያው ነው። ነገሩ የሚታወቀው 127 "ደመወዜ የታለ?" ብሎ ሲደውል ነው።

ስለዚህ ሰው በሰው ማመሳከር ነው። መጀመሪያ የፔሮሉ ሺት ድምር ከተፈረመው ወረቀት ጋር ይግጠም፤ ከፊርማ በኋላ ሺቱን የነካ ሰው ሊኖር ይችላል። ከዚያ Payroll እና Bank በተባሉት ሁለቱም ሺቶች ላይ A መለያ ቁጥር፣ D የተጣራ ደመወዝ ከሆነ፣ ፔሮሉ ላይ ይህን ጽፈው ወደ ታች ይጎትቱ፦

```
=ROUND(SUMIF(Bank!A:A,A2,Bank!D:D)-D2,2)
```

ሁሉም ዜሮ መምጣት አለበት። በእኛ ምሳሌ 114 ላይ 9400፣ 127 ላይ -9400 ይወጣል። ግን ይህ ፔሮል ላይ የሌለ ሰው ፋይሉ ውስጥ ቢገባ አያሳይም። ለእሱ ባንክ ሺቱ ላይ ይህን ይጻፉ፤ 0 የሚል መስመር ካለ ያ ሰው አልጸደቀም፦

```
=COUNTIF(Payroll!A:A,A2)
```

በስም አያመሳክሩ። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ስም ከፋይል ፋይል ይለያያል።

"አካውንቱ ኤክሴል ላይ 1E+12 ቢልም ውስጡ ሙሉ ቁጥሩ አለ"

ኤክሴል ውስጥ እያለ፣ አዎ። CSV ተብሎ ሲቀመጥ ግን የሚጻፈው የሚታየው ነው፤ የቀሩት አሃዞች ይጠፋሉ። በዜሮ የሚጀምር አካውንትም ዜሮውን ያጣል። መፍትሔው ቁጥሩ ከመለጠፉ በፊት አምዱን Text ማድረግ ነው፤ ከተለጠፈ በኋላ ቢደረግ የጠፋው ዜሮ አይመለስም። የንግድ ባንክ አካውንት 13 አሃዝ ስለሆነ፣ አካውንቱ C ላይ ካለ `=LEN(C2)` 13 ይስጥ። 14 ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው መጨረሻ ላይ የተደበቀ ባዶ ቦታ ነው። የተቀመጠውን CSV በኖትፓድ ይዩት። በኤክሴል መልሰው ከከፈቱት ያስተካከሉትን ራሱ ሊያበላሸው ይችላል።

"ስህተት ካለ ባንኩ ይመልሰዋል"

የሌለ አካውንት ከሆነ ይመልሰዋል። የሌላ ሰው አካውንት ከሆነ ግን ገንዘቡ ሊገባ ይችላል፣ ማስመለሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሰውየውን ፈቃድ ይጠይቃል። አካውንቱን ካለፈው ወር ከተከፈለበት ፋይል ጋር ያመሳክሩ። ለተቀየረው ሁሉ ሰራተኛው የፈረመበት ማመልከቻ ይፈለግ።

"የተደጋገመ አካውንት ካለ Remove Duplicates ያጸዳዋል"

ሁለተኛውን መስመር ከነብሩ ይሰርዘዋል፣ ለምን እንደተደጋገመ ሳይነግርዎ። አንድ አካውንት ሁለት የተለያየ መለያ ቁጥር ላይ ከተገኘ የአንዱ አካውንት በስህተት ተገልብጧል፣ አልያም አንዱ ስሙ ብቻ ያለ ሰራተኛ ነው። ሁለቱም በሰው ኃይል ክፍል መጣራት ያለባቸው ናቸው። ቀለም ይቀቡትና ሳይጣራ አይጫኑ።