የጥናት ጥያቄ ምንድን ነው? ከአየር ንብረት ለውጥ እስከ ደሴ ዙሪያ የበልግ ገብስ

«የአየር ንብረት ለውጥ በኢትዮጵያ» የሚል ርዕስ ለተርም ፔፐር የያዘ ተማሪ መጨረሻው ብዙውን ጊዜ ግልበጣ ነው። ርዕሱ ምን መፈለግ እንዳለበት ስለማይነግረው ያገኘውን ሁሉ ይጽፋል። የጥናት ጥያቄ ግን መልሱ ገና ያልታወቀ፣ ተማሪው ራሱ በሚሰበስበው መረጃ በተሰጠው ጊዜ ሊመልሰው የሚችለው ጥያቄ ነው።

ደሴ የሚማር የ11ኛ ክፍል ተማሪ እንውሰድ። የአየር ንብረት ሙቀትንም ዝናብንም ይይዛል፤ ዝናብን ይምረጥ። ዝናቡም የክረምትና የበልግ አለው። በደሴ ዙሪያ ደጋ በበልግ ገብስ የሚዘሩ ገበሬዎች ስላሉ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው ዝናብ ሲዘገይ እርሻው ላይ ወዲያው ይታያል። ስለዚህ በልግን ይዞ አንድ ቀበሌ ይምረጥ፦ «የበልግ ዝናብ ሲዘገይ በዚህ ቀበሌ ያሉ ገብስ ዘሪዎች የሚዘሩበትን ጊዜና የሚዘሩትን ሰብል እንዴት ይለውጣሉ?»

እዚህ ላይ ብዙዎች «የአየር ንብረት ለውጥ በገብስ ምርት ላይ ያመጣው ተጽዕኖ» ወደሚለው ይመለሳሉ። ይህን ተማሪው ሊመልሰው አይችልም። የአየር ንብረት የሚለካው በተለምዶ በ30 ዓመት መዝገብ ነው፤ የአንድ ዓመት ድርቅ የአየር ሁኔታ እንጂ የአየር ንብረት ለውጥ ማስረጃ አይሆንም። ምርትንም ማዳበሪያው፣ ዘሩና ተባዩ ይቀንሱታል ወይም ይጨምሩታል፤ የዝናቡን ድርሻ ለይቶ ማውጣት ከትምህርት ቤት ጥናት አቅም በላይ ነው። ገበሬው ምን እንዳደረገ ግን ጠይቆ ማወቅ ይቻላል።

ቀጥሎ በጥያቄው ውስጥ ካሉት ቃላት ከእያንዳንዱ ጎን መረጃው ከየት እንደሚገኝ ይጻፍ። «ገብስ ዘሪዎች» ከተባለ ስምንት ወይም አሥር ገበሬ ማነጋገር ይበቃል። «ሲዘገይ» የሚለው ግን ያስቸግራል፤ ከምን ቀን ሲዘገይ? በአካባቢው የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ካለ ዕለታዊ መዝገቡን፣ ከሌለ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ይጠይቅ። ገበሬውን «ዝናቡ የገባው ከፋሲካ በፊት ነው በኋላ?» ወይም «ረመዳን ላይ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ያሳስታል። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል፣ ረመዳንም በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል። «የካቲት አጋማሽ ነው ወይስ መጋቢት መጀመሪያ?» ማለት ይሻላል።

ከአሥር ዓመት በፊት የዘራበትን ቀን በትክክል የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ጊዜ ደግሞ ይጥበብ፤ «ባለፉት ሦስት በልጎች» የሚል ይጨመርበት። ከዚህ በታች ግን አይውረድ። «ዘንድሮ በልግ መቼ ገባ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ የሚወዳደርም የሚተነተንም ነገር የለውም።