ሚክሲዲማ ኮማ በአረጋውያን ላይ፦ ምልክቶቹና አጣዳፊነቱ

ሚክሲዲማ ኮማ የታይሮይድ እጢ ሆርሞን ለረጅም ጊዜ አንሶ ቆይቶ፣ ሰውነት መቋቋም ሲያቅተው የሚከሰት አጣዳፊ ሕመም ነው። በአብዛኛው የሚይዘው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶችን ሲሆን በብርድ ወራት ይበዛል። ስሙ ያሳስታል። ብዙዎቹ ሕመምተኞች ሆስፒታል ሲደርሱ ራሳቸውን ጨርሰው አልሳቱም፤ ይፈዝዛሉ፣ ይቀባዥራሉ ወይም እንቅልፍ ይጫጫናቸዋል።

የበሽታው ታሪክ በደንብ ተመዝግቧል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ገል እ.ኤ.አ. በ1873 ፊታቸው ያበጠና የደነዘዙ ሴቶችን ገለጸ፤ ዊልያም ኦርድ በ1878 ሚክሲዲማ የሚለውን ስም አወጣ፤ በ1888 የለንደን ክሊኒካል ማኅበር በሽታውን ከታይሮይድ እጢ ጋር አያያዘው። ጆርጅ መሪ በ1891 ከበግ ታይሮይድ የተጨመቀ ፈሳሽ ለአንዲት ሴት በመርፌ ሰጠ፤ ሴትየዋም ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ያህል ኖረች። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች እንቅርት የቆየ ችግር ቢሆንም፣ ወደ ኮማ የሚያደርሰው በአብዛኛው የእጢው መጎዳት ወይም በቀዶ ሕክምና መውጣት እንጂ የአዮዲን እጥረት ብቻ አይመስልም።

ለማሳያ በሐረር ጀጎል ውስጥ የሚኖሩ የ72 ዓመት እናትን እናስብ፤ ታሪኩ ከተለመዱ አጋጣሚዎች የተቀናበረ ነው። ከዓመታት በፊት የእንቅርት ቀዶ ሕክምና አድርገው የታይሮይድ ሆርሞንን የሚተካውን ሊቮታይሮክሲን የተባለ ክኒን በየቀኑ ይውጡ ነበር። ክኒኑ አለቀና አልተተካም። መድኃኒቱ በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አንድ ሳምንት ያህል ስለሚወስድበት መጀመሪያ ምንም አልተሰማቸውም፤ ቤተሰቡም «ያለ ክኒኑም ደህና ናቸው» አለ። ከሁለት ወር በኋላ በቀትርም ጋቢ መደረብ ጀመሩ፣ ድምፃቸው ጎረነነ፣ ሆዳቸው ደረቀ፣ ንግግራቸው ተንቀራፈፈ። ልጆቻቸው «እማማ አረጁ» ብለው አለፉት። በታኅሣሥ ሳል ያዛቸው፤ ሌሊት እንዲያርፉ የእንቅልፍ ክኒን ተሰጣቸው። በማግስቱ ሊቀሰቀሱ አልቻሉም።

ምርመራው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ የመስታወት ቴርሞሜትሮች ከ35 ዲግሪ በታች አያነቡም፤ ስለዚህ ካርዱ ላይ «ትኩሳት የለም» ተብሎ ይጻፋል። ዝቅተኛ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ በፊንጢጣ ሲገባ ግን 32.8 ያሳያል። ሳንባቸው ተመርዟል፣ ሰውነታቸው ግን ትኩሳት ማንሣት አቅቶታል። የልብ ምታቸው በደቂቃ 46፣ ትንፋሻቸው 9፣ የደም ግፊታቸው 90 በ60 ነው። የፊታቸው እብጠት በጣት ሲጫኑት አይሰረጉድም፣ የቅንድባቸው ጫፍ ሳስቷል፣ ምላሳቸው ወፍሯል። ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት በመዶሻ ሲመታ እግሩ ይነሣል፣ ሲመለስ ግን ይዘገያል። ዋናው ፍንጭ የተገኘው ሻሹ ሲፈታ ነው፤ አንገታቸው ላይ የቆየ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ አለ።

መዘግየት የሚገድለው ጉዳቶቹ ስለሚደራረቡ ነው። አንጎል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲከማች አይነቃም፤ ትንፋሽ ይቀንሳል፣ ጋዙ ይበዛል፣ ሕመምተኛው ይበልጥ ይደነዝዛል። በተጨማሪም ኩላሊት ውኃ ስለሚይዝ የደም ሶዲየም ይወርዳል፤ የእኚህ እናት በሊትር 116 ሚሊሞል ነው፣ በዚህ መጠን መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል። ታክመውም ቢሆን በተለያዩ ጥናቶች ከ20 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ይሞታሉ።

ስለዚህ የሆርሞን ምርመራ ውጤት አይጠበቅም። ደም ከተቀዳ በኋላ አስቀድሞ የአድሬናል እጢን ሆርሞን የሚተካው ሃይድሮኮርቲሶን 100 ሚሊ ግራም በደም ሥር ይሰጣል፣ በየ8 ሰዓቱም ይደገማል፤ ከኩላሊት በላይ ያለው ይህ እጢ ደክሞ ከሆነ የታይሮይድ ሆርሞን ብቻውን ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል። ቀጥሎ ሊቮታይሮክሲን ከ200 እስከ 400 ማይክሮ ግራም በደም ሥር ይሰጣል፤ ለአረጋዊ ልብ ሲባል ዝቅተኛው መጠን ይመረጣል። መርፌው ከሌለ ክኒኑ ተፈጭቶ በአፍንጫ ቱቦ ይገባል፣ የደከመ አንጀት ምን ያህል እንደሚወስደው ግን እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ፈጥኖ የሚሠራው ሌላው የታይሮይድ ሆርሞን፣ ትራይአዮዶታይሮኒን፣ ይጨመር ወይስ አይጨመር የሚለው ክርክር አልተቋጨም። ለሳንባው አንቲባዮቲክ ይጀመራል። ትንፋሹ ደካማ ከሆነ ኦክስጅን ብቻ ስለማይበቃ የመተንፈሻ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ነው ጤና ጣቢያዎች እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ እንደ ሐረሩ ሕይወት ፋና፣ የምሥራቁ አንጋፋ የማስተማሪያ ሆስፒታል፣ ወዳለ ተቋም ሳይዘገዩ መላክ ያለባቸው።

ቤተሰብ በቅንነት የሚያደርገው አንድ ስሕተት አለ፤ ከሰል አቀጣጥሎ ወይም ትኩስ ውኃ በጠርሙስ አቅፎ ማሞቅ። ቆዳ በድንገት ሲሞቅ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግፊቱም ይወድቃል። ብርድ ልብስና ጋቢ ይበቃሉ። የድሬዳዋ ሙቀትም ዋስትና አይደለም፤ ኢንፌክሽንና ማስተኛ መድኃኒት ያለ ብርድም ሕመሙን ይቀሰቅሳሉ።

ሕክምናው ከሠራ የልብ ምትና ሙቀት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከፍ ማለት ይጀምራሉ፤ የፊት እብጠቱ ግን ሳምንታት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ክኒኑ ዕድሜ ልክ ይወሰዳል፤ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ ከቡና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ። ቡናው የመድኃኒቱን መመጠጥ ስለሚቀንስ የሐረር ቡና እንኳ ትንሽ ይጠብቃል።