ከማመልከት በፊት የሥራ ማስታወቂያን ማበጠር ምንድን ነው?

እህል ያበጠረ ሰው እንደሚያውቀው ገለባው አያስቸግርም፤ ሰፌዱ ገና ከፍ ሲል በራሱ ይበርራል። የሚያስቸግረው በመልኩም በክብደቱም እህሉን የሚመስለው እንክርዳድ ነው። አፕወርክን በመሰሉ የርቀት ሥራ መገናኛዎች ላይ የሚወጡ ማስታወቂያዎችም እንደዚሁ ናቸው። ማንም የማይታለልበት አስቂኝ ማስታወቂያ ጊዜ አይፈጅም። ቀን የሚያባክነው እውነተኛ ሥራ የሚመስለው ነው።

ማበጠር የምለው ማመልከቻ ከመጻፍ በፊት ማስታወቂያውን በሦስት ጥያቄዎች ማሳለፍን ነው። አሠሪው እውነተኛ ነው ወይ? ሥራው የት ላይ ያልቃል? ክፍያው ለዚያ ሥራ ይበቃል ወይ? ቅደም ተከተሉ እንዲሁ የመጣ አይደለም። ብዙ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ገንዘቡ ላይ ነው፤ ነገር ግን የሥራው መጠን ሳይታወቅ ዋጋ ምንም አይናገርም። 60 ዶላር ለ500 ቃላት ትርጉም ደህና ክፍያ ነው፣ ለ12,000 ቃላት ግን ከነጻ ጉልበት ብዙም አይሻልም። ስለዚህ የሥራው ወሰን ከዋጋው ይቀድማል።

አፕወርክ ላይ ማመልከት ራሱ ገንዘብ ያስወጣል። ለእያንዳንዱ ማመልከቻ «ኮኔክት» የሚባል መክፈያ ይቀነሳል፤ የአንዱ ዋጋ 0.15 ዶላር ሲሆን፣ አንድ ማስታወቂያ ከአሥር በላይ መጠየቁ የተለመደ ነው። አሥራ ሁለት ኮኔክት 1.80 ዶላር ነው ማለት ነው። አሠሪው ሌላ ሰው ቢቀጥር ያ ገንዘብ ለአመልካቹ አይመለስም። ደህና ማመልከቻ ለመጻፍ ከሚወስደው ግማሽ ሰዓት ጋር ሲደመር፣ በሳምንት አሥር ጊዜ በጭፍን የሚያመለክት ሰው 18 ዶላርና አምስት ሰዓት ያጣል። እኔ እንግሊዝኛን ወደ አማርኛ ስለምተረጉም ምሳሌዎቼ ከዚያው ሙያ ናቸው።

ማጭበርበርን ለመለየት የሰዋስው ስሕተት መፈለግ ከንቱ ልፋት ነው፤ ከሐቀኛ አሠሪዎችም ብዙዎቹ እንግሊዝኛቸው የተሰባበረ ነው። የተሻለው መንገድ በክፍያውና በሥራው መካከል ያለውን ዝምድና መጠየቅ ነው። የታወቀው ዓይነት እንዲህ ይላል፦ 50 ገጽ የተቃኘ ሰነድ ወደ ዎርድ ፋይል መገልበጥ፣ ልምድ አያስፈልግም፣ ክፍያ 1,500 ዶላር። ለአንድ ገጽ 30 ዶላር መሆኑ ነው። ጽሑፍ ከምስል ላይ የሚያነብ ፕሮግራም በደቂቃዎች የሚጨርሰውን ሥራ በዚህ ዋጋ የሚያሠራ ሰው ምን ነካው? መልሱ ቀጥሎ ይመጣል። አመልካቹ ወደ ቴሌግራም እንዲሻገር ይጋበዛል። እዚያ «የቅጥር ኃላፊ» ነኝ የሚል ሰው ሥራውን ይሰጣል። ሥራው ካለቀ በኋላ ደግሞ ክፍያውን ለመልቀቅ «የምዝገባ» ወይም «የዋስትና» ገንዘብ ይጠየቃል፤ ከደመወዙ ጋር እንደሚመለስም ቃል ይገባል። ገንዘቡ ሲከፈል ሌላ ክፍያ ይከተላል፣ ከዚያም ሌላ። የሠራ ሰው ገንዘብ ይቀበላል እንጂ አይከፍልም፤ አቅጣጫው በተገለበጠበት ቅጽበት ነገሩ አልቋል።

ወደ ቴሌግራም የመሻገሩ ጥያቄ ያለ ምክንያት አይመጣም። ከውል በፊት ከመድረኩ ውጭ መነጋገር በአፕወርክ ደንብ የተከለከለ ነው፤ ከዚያ ከወጡ መልእክቱንም ክፍያውንም የሚመዘግብ ወገን የለም። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ በሌላ መልክ ያገኙታል። «ለዕቃ መግዣ» ተብሎ ከሚገባው በላይ የሆነ ቼክ ይላክላቸውና ትርፉን እንዲመልሱ ይጠየቃሉ። ባንኩ ቼኩ ገና ሳይረጋገጥ ገንዘቡን ሒሳብ ውስጥ ያሳያል፤ ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሲታወቅ፣ የተመለሰው «ትርፍ» ከራሳቸው ኪስ የወጣ ሆኖ ይገኛል።

Payment method verified የሚለው ምልክት ብዙ ሰው ያዘናጋል። ምልክቱ የሚለው አሠሪው የመክፈያ ዘዴ አስመዝግቦ ተረጋግጧል ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ ገንዘብ መመደቡን አያሳይም፤ ስለ ጠባዩማ ጭራሽ አይናገርም። በቋሚ ዋጋ ውል ትክክለኛው ማረጋገጫ አሠሪው ክፍያውን መድረኩ ዘንድ በመያዣነት ማስገባቱ ነው። መያዣው ከገባ በኋላ አመልካቹ ሥራውን ሲያስረክብ አሠሪው 14 ቀን ዝም ቢል ገንዘቡ በራሱ ይለቀቃል። መያዣው ባዶ ሳለ የተጀመረ ሥራ ግን በአደራ የተሠጠ ብድር ነው።

ሌላው ዘዴ ከማጭበርበርም ከስስትም መሐል ያለ ነው፦ ነጻ የሙከራ ሥራ። አንድ የ12,000 ቃላት ሰነድ ለ40 አመልካቾች 300፣ 300 ቃል ተደርጎ ቢታደል ሙሉ ሰነዱ ያለ አንዳች ክፍያ ተተርጉሞ ያልቃል። መለያው ጽሑፉ ራሱ ነው። ሙከራው ከዓረፍተ ነገር መካከል ከጀመረ፣ ወይም «ከላይ እንደተገለጸው» እያለ ያላየነውን ነገር ከጠቀሰ፣ ከትልቅ ሥራ የተቆረጠ ቁራጭ ነው። በዚህ ጊዜ ቀድሞ የሠራሁትን ናሙና እልካለሁ፣ ወይም ከመቶ ቃል አልበልጥም። እውነተኛ አሠሪ በመቶ ቃል ተርጓሚውን ይለየዋል።

የሥራ ወሰን ላይ ብዙ መቆየት የሚያስፈልግ ይመስለኛል፤ ከአጭበርባሪ ይልቅ ብዙ ተርጓሚ የከሰረው ሥራውን በደንብ ካልገለጸ ቅን አሠሪ ጋር ነውና። «ጽሑፎችን መተርጎምና ተያያዥ ሥራዎች» የሚል ማስታወቂያ ውስጥ ችግር ያለው «ተያያዥ» የምትለው ቃል ላይ ነው። ገጽ ማቀናበር ነው? የሌላ ሰው ትርጉም ማረም ነው? አሠሪው ራሱ አያውቅም፤ የሚያውቀው ሥራው ሲጀመር ነው፣ ያኔ ደግሞ ዋጋው ተቆርጧል።

በአማርኛ ሥራ ደግሞ ባዕድ አሠሪ የማያስበው ወጥመድ አለ። በቃል ይከፈላል ሲባል የየትኛው ቋንቋ ቃል? አማርኛ ባለቤቱንም ተሳቢውንም አሉታውንም ከግሱ ጋር አጣብቆ ይጽፋል። «አልነገርኳቸውም» አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው ግን I did not tell them ብሎ አምስት ቃል ይቆጥራል። ስለዚህ በአማርኛው ቆጠራ የሚከፈለው ተርጓሚ ያንኑ ሥራ ሠርቶ ያነሰ ይቀበላል። ማስታወቂያው በምንጩ ጽሑፍ እንደሚቆጠር ካልገለጸ፣ ማመልከቻዬ ውስጥ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። ድምፅ ወደ ጽሑፍ በመገልበጥ ሥራም «በሰዓት 15 ዶላር» ሲባል የድምፁ ሰዓት ነው ወይስ የሠራተኛው? የአንድ ሰዓት ንግግር ለመገልበጥ አራት ሰዓትና ከዚያም በላይ ስለሚፈጅ፣ የድምፁ ሰዓት ከሆነ ክፍያው በሰዓት አራት ዶላርም አይሞላም።

አሁን አንድ ማስታወቂያ ይዘን ሰፌዱን እናንሣ። እንዲህ ይላል፦ የጤና ትምህርት ጽሑፎች፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ቋሚ ዋጋ 60 ዶላር፣ ጥሩ ለሠራ ረጅም ጊዜ የሚቀጥል ሥራ አለ፤ 12 ኮኔክት። መጠኑ አልተጻፈም፣ ግን አንድ ፋይል ተያይዟል፤ «እንዲህ ያሉ ሦስት ናቸው» ይላል። ፋይሉን ከፍቼ ስቆጥረው 4,000 ቃላት ሆነ። ሦስቱ 12,000 ይሆናሉ። እኔ መልሶ ማንበቡን ጨምሮ በቀን 2,000 ቃል ያህል ስለምሠራ፣ ይህ የስድስት ቀን ወይም የ48 ሰዓት ሥራ ነው። ከ60 ዶላር ላይ የመድረኩ ድርሻ ይቀነሳል። ድርሻው ከግንቦት 2023 ጀምሮ 10 በመቶ ነበር፤ ከግንቦት 2025 ወዲህ በሚፈረሙ ውሎች ደግሞ ከ0 እስከ 15 በመቶ ይለያያል። በ10 በመቶ ብናስበው 54 ዶላር ይቀራል፤ ለኮኔክት የወጣው 1.80 ሲነሣ 52.20። ለ48 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 1.09 ዶላር ገደማ ነው። አፕወርክ በሰዓት ለሚከፈል ሥራ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ዋጋ 3 ዶላር ነው፤ በቋሚ ዋጋ ሥራ ላይ ግን ያ ወለል ስለማይሠራ፣ ዝቅተኛ ክፍያ የሚደበቀው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው።

«ረጅም ጊዜ የሚቀጥል ሥራ» የሚለውስ? ይህን የሚመልሰው የአሠሪው ታሪክ ነው። ከማስታወቂያው ታች ባለው መዝገብ ላይ 23 ማስታወቂያ አውጥቶ የቀጠረው 9 ጊዜ መሆኑን አየሁ። ዘጠኙም የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ሁለት ጊዜ የተመለሰ አንድም የለም። ለተመሳሳይ የትርጉም ሥራ ከዚህ በፊት የከፈለውም 35 ዶላር ነበር። ከሠራተኞቹ አንዱ በጨዋ ቋንቋ «ሥራው ከተነጋገርነው በላይ ሰፋ» ብሎ ጽፏል። ሰዎች ወደፊት የምሥራች ይጠብቃሉ፣ መዝገቡ ግን የኋላውን ይናገራል። ማስታወቂያውን ዘጋሁት፤ ሁሉም ነገር የወሰደው አምስት ደቂቃ አይሞላም።

ይህ ሰው አጭበርባሪ አይደለም። ምናልባትም 60 ዶላር አዲስ አበባ ላይ ብዙ ገንዘብ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። በእንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ ላይ ዋጋውን አስተካክሎ ማመልከት ይቻላል የሚሉ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ፤ ፋይሉ አጭር ሲሆንና ልዩነቱ አንድ ሦስተኛ ያህል ሲሆን እኔም አደርገዋለሁ። አሥር እጥፍ ሲሆን ግን ክርክሩ ስለ ዋጋ መሆኑ ይቀራል።

ወንፊቱን ከልክ በላይ ማጥበብም ኪሳራ አለው። ለረጅም ጊዜ ታሪክ የሌለውን አሠሪ ሁሉ እዘል ነበር። አንድ ቀን ምንም ያልከፈለ፣ ማንንም ያልቀጠረ፣ መክፈያውም ያልተረጋገጠ ሰው ያወጣውን ማስታወቂያ አነበብሁ። ግን ሙሉ ፋይሉ ተያይዟል፤ 3,150 ቃላት መሆኑ ተጽፏል፣ ቆጠራው በእንግሊዝኛው መሆኑም ጭምር። የሚያርመው አማርኛ ተናጋሪ ባልደረባቸው እንደሆነ፣ እርማቱም አንድ ዙር ብቻ እንደሚሆን ይገልጻል። አጭበርባሪ እንዲህ አይለፋም። አመለከትሁ፤ ስንስማማም አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ክፍያው መያዣ እንዲገባ። ሁለት ቀን ፈጀባቸው፤ ፋይሉን የከፈትሁት ገንዘቡ መግባቱን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው።