ስፔክትሮግራም ምንድን ነው? የተቆረጠ የድምፅ ቅጂስ እንዴት ይታወቃል?

ስፔክትሮግራም የድምፅ ሥዕል ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ጊዜ ይሄዳል። ከታች ወደ ላይ ደግሞ ፍሪኩዌንሲ ይወጣል፤ ወፍራም ድምፅ ታች፣ ቀጭን ድምፅ ላይ ይቀመጣል። ቀለሙ የደመቀበት ቦታ ድምፁ የበረታበት ነው።

ብዙዎቻችን የለመድነው ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘለውን ሞገድ ነው። እሱ የሚያሳየው ድምፁ መቼ ከፍ፣ መቼ ዝቅ እንዳለ ነው። ሰው እያወራ ከኋላው ፍሪጅ ቢያጉረመርም ሁለቱ አንድ ላይ ተደባልቀው ይታያሉ። ስፔክትሮግራም ላይ ግን ፍሪጁ ለብቻው ቀጥ ያለ አግድም መስመር ሆኖ ይወጣል። የሰው ድምፅ ደግሞ እንደ መሰላል የተደራረቡ፣ የሚወዛወዙ መስመሮች ይሆናል። የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ ዝናብ መስመር የለውም፤ ከታች እስከ ላይ እንደ ጉም ይሞላዋል።

አንድ ቅጂ ተቆርጦ እንደሆነ ለማየት የምንመለከተው በዋናነት ተናጋሪውን ሳይሆን ይህንን ከኋላ ያለውን ነገር ነው። ሰው ንግግሩን ያቆማል፣ ይተነፍሳል፣ ዝም ይላል። ቆራጩም የሚመርጠው እዚያች ዝምታ ላይ ነው። ፍሪጁና ዝናቡ ግን ለማንም ብለው ዝም አይሉም።

ጅማ መርካቶ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት ሰዎች የጀንፈል ዋጋ በፈረሱላ ሲነጋገሩ በስልክ ተቀረጹ እንበል። ውጭ ዝናብ አለ፤ ሱቁ ውስጥ ፍሪጅ አለ። በኋላ በዋጋው ተጣሉና ቀራጩ “ምንም አልነካሁትም፣ ሙሉው ይኸው” ብሎ ፋይሉን አመጣ። ፋይሉን ኦዳሲቲ የሚባል የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ከፈትነው። ትራኩ ስም አጠገብ ያለውን ሜኑ ተጭነን `Spectrogram` መረጥን።

መጀመሪያ በዚያው ሜኑ `Spectrogram Settings` ውስጥ `Max Frequency` ወደ 500 ይውረድ፣ `Window size` ደግሞ 32768 ይሁን። ይሄኛው ቁጥር ብዙ ሰው ሳይነካው የሚያልፈው ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ወሳኙ ነው እላለሁ። ፕሮግራሙ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ድምፅ ወስዶ እንደሚመረምር የሚወስነው እሱ ነው። በሰከንድ 44100 ናሙና በሚወስደው በተለመደው ቅጂ 32768 ናሙና ማለት ሰከንድ ሊሞላ ሩብ የቀረው ቁራጭ ነው። ረጅም ስለሆነ ከአንድ ሄርዝ ትንሽ ከፍ ያለ ልዩነት ይለያል፤ የፍሪጁ መስመር እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። በምላሹ ጊዜው ይደበዝዛል። 256 ካደረጋችሁት ግን ቁራጩ 6 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ያኔ ድንገተኛ ነገር የት ላይ እንደተፈጠረ በትክክል ታያላችሁ፣ መስመሮቹ ግን ተዋህደው ይጠፋሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ በትልቁ ፈልጉ፣ በትንሹ አረጋግጡ።

አሁን ቅጂውን እናንብብ። ከመጀመሪያው ጀምሮ 100፣ 200 እና 300 ሄርዝ ላይ ቀጥ ያሉ መስመሮች አሉ። የአገራችን መብራት በ50 ሄርዝ ይሠራል። በእሱ የሚሠራ ነገር ሲንቀጠቀጥ ብዙ ጊዜ የሚሰማው በእጥፉ ነው። ፍሪጁ ተገኘ ማለት ነው።

ቅጂው 4፡10 ደቂቃ ላይ ሲደርስ እነዚህ መስመሮች በሙሉ በአንዴ ቆሙ። ተቆረጠ? አይደለም። የሚያወራው ሰው ቃሉን ሳያቋርጥ ቀጥሏል፤ የዝናቡም ጉም እንደነበረ ነው። የቆመው አንድ ምንጭ ብቻ ነው። መብራት ጠፋ፣ በቃ።

4፡50 ላይ ከታች አዳዲስ መስመሮች እየተጠማዘዙ ወደ ላይ ወጡና 25፣ 50፣ 75 እያሉ ተደረደሩ። ጀነሬተር ተነሳ። ትንሽ ባለ አንድ ሲሊንደር ቤንዚን ጀነሬተር በደቂቃ ወደ 3000 ጊዜ ይዞራል፤ በሁለት ዙር አንዴ ስለሚተኩስ በሰከንድ 25 ጊዜ ይመታል። መስመሮቹ እንደ ፍሪጁ ቀጥ አይሉም። ጭነት ሲጨመርበት ሞተሩ ስለሚያቃስት ዝቅ ይላሉ፣ ከዚያ ይመለሳሉ። ይህ መንገዳገድ ለኛ ጥሩ ነው፤ ደህና አድርጎ አስመስሎ መቀጠል ይከብዳልና።

6፡32 ላይ 150 ሄርዝ አካባቢ የነበረው የጀነሬተር መስመር በአንዴ 143 ላይ ተገኘ። አልወረደም፤ ዘለለ። ሞተር ክብደት አለው፣ ጭነት ቢበዛበትም ፍጥነቱ የሚቀንሰው እየተንሸራተተ ነው። `Max Frequency`ን ወደ 8000 ከፍ ስናደርግ ደግሞ የዝናቡ ጉም እዚያው ላይ ድንገት ሳስቷል። ከሩቅ መስጊድ የሚሰማው አዛንም አለ። ረጅሙ የሚወዛወዝ መስመሩ መሃል ላይ እንደ ግድግዳ ተገትሮ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሌላ ከፍታ ላይ ነው። ጆሮ ሰጥታችሁ ብትሰሙ አዛኑ ከመጀመሪያዎቹ ሐረጎች ወደ መጨረሻው ዘሏል። ሦስት ምንጮች፣ አንዱ ከሌላው ጋር ምንም የማይገናኙ፣ በአንድ ቅጽበት አብረው ተለወጡ። ወደ 256 ስንመለስ እዚያው ላይ ከታች እስከ ላይ የምትደርስ ቀጭን ቋሚ መስመር አለች። ሁለት ጫፎች ሳይገጥሙ ሲጣበቁ የሚፈጠረው ጠቅታ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ሲቆም ምንጩ ነው የቆመው። ሁሉም አብሮ ሲቆረጥ ቅጂው ነው የተቋረጠው።

“ተቋረጠ” ያልኩት አውቄ ነው። ቀራጩ ስልኩ ላይ ቅጂውን ለአፍታ አቁሞ እንደገና ቢያስቀጥለውም ሥዕሉ ይህንኑ ይመስላል። ስፔክትሮግራሙ ቀጣይነት እንደሌለ ይናገራል፤ ማን ለምን እንዳደረገው ግን ከእሱ አይገኝም።

የሚያሳስት ነገርም አለ። አንዳንድ ስልክና የመልእክት መተግበሪያ ጫጫታ ይቀንሳል። ያኔ ጉሙ ሰው ሲናገር ይከፈታል፣ ዝም ሲል ይዘጋል፤ ቅጂው በየቦታው የተቆራረጠ ይመስላል። መለያው መደጋገሙ ነው። በእያንዳንዱ ዝምታ ላይ ከሆነ ማሽኑ ነው። መቁረጥ ብዙ ጊዜ አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ከንግግሩ ውስጥ የሚያከራክር ነገር አጠገብ ይመጣል።

በተቃራኒው ፀጥ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ከኋላ ምንም በሌለበት፣ ጫፎቹን አለስልሶ የቆረጠ ሰው ምንም ሳይተው ሊያልፍ ይችላል። የፍሪጅ መስመር ብቻ ካለም አታላይ ነው፤ የተወገደው ጊዜ ከሞገዱ ሙሉ ዙር ጋር ከገጠመ መስመሩ ሳይነቃነቅ ይቀጥላል። የጅማ ክረምትና የጀነሬተር ጫጫታ ቀራጭን ቢያማርሩም ለዚህ ሥራ ግን ወርቅ ናቸው።

ሳትጀምሩ የሥዕሉን የላይኛውን ጫፍም እዩት። ፋይሉ ጥራት ያለው ቢመስልም ከ4000 ሄርዝ በላይ ጥቁር ብቻ ከሆነ ድምፁ የሆነ ቦታ ላይ በስልክ ጥሪ ጥራት አልፏል። 16000 ላይ በቢላ የተቆረጠ መስሎ የሚያልቅ ከሆነ ብዙ ጊዜ የተጨመቀ ኤምፒ3 ነው። ሁለቱ በአንድ ፋይል ውስጥ ከተፈራረቁ ከሁለት ቦታ የመጡ ቁርጥራጮች ሊሆኑ ይችላሉ። ከሰው ወደ ሰው የተላከውን ቅጂ ትታችሁ መጀመሪያ የተቀረጸበትን ስልክ ፋይል ጠይቁ፤ በየመላኩ ሲጨመቅ ጉሙ ይበላሻል፣ ደካማዎቹ መስመሮችም አብረው ይሄዳሉ።