ተመጣጣኝ ማመቻቸት ምንድን ነው?

ኮምቦልቻ ባለ መጋዘን በንብረት ክፍል የሚሠራ አንድ ሰው እናስብ። ቤቱ ደሴ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው ሐረጎ ላይ በደረሰ የመኪና አደጋ ቀኝ እግሩ ከጉልበት በታች ተቆረጠ። በሠራተኛ ሕጉ የሕመም ፈቃዱ ቢበዛ 6 ወር ነው። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። ስለዚህ ሰው ሠራሽ እግሩን በቅጡ ሳይለምድ ወደ ሥራ መመለሱ አይቀርም።

የሐኪሙ ወረቀት «ቀላል ሥራ ይሰጠው» ይላል። አለቃውም አዝኖለት በር ላይ ያስቀምጠዋል። ደግነት ይመስላል። ግን ለዓመታት የለመደውን ሥራ ቀምቶ ወንበር መስጠት ማመቻቸት አይባልም።

ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ነገሩን በሌላ መንገድ ያየዋል። ተመጣጣኝ ማመቻቸት ማለት አካል ጉዳተኛው ሥራውን እንዲሠራ በመሣሪያው፣ በሥራው መስፈርት፣ በሥራ ሰዓቱ ወይም በአካባቢው ላይ የሚደረግ ማስተካከያ ነው። የሚቀየረው የአሠራሩ መንገድ ነው፤ ሰውየው እዚያው ሥራው ላይ ይቆያል።

ወደ መጋዘኑ እንመለስ። የሥራው እምብርት ምንድን ነው? ዕቃ መቀበል፣ መቁጠር፣ መመዝገብ፣ ማውጣት። መሰላል መውጣት ግን የመቁጠሪያ መንገድ እንጂ ሥራው ራሱ አይደለም። ከላይ ያለውን መደርደሪያ ጫኙ ወጥቶ ያውርድለት፣ እሱ ይቁጠር። ፎቅ ላይ ያለው ጠረጴዛው ወደ ምድር ይውረድ። ጠዋት 2 ሰዓት ለመግባት በታክሲ ግፊያ ውስጥ ከሚቆም 3 ሰዓት ገብቶ ከመውጫ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ዘግይቶ ይውጣ። የሥራ ሰዓቱ ብዛት አልተነካም፤ ወጪውም ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም።

አሠሪው «ለአንድ ሰው ብዬ ሊፍት ላስገባ?» ቢል ግን ጥያቄው ተገቢ ነው። ሕጉም ከባድ ጫና የሚፈጥርን ነገር አያስገድድም፤ የድርጅቱ ስፋት፣ የወጪው መጠንና የሠራተኞቹ ብዛት ታይተው ይመዘናል። ጠረጴዛ ማውረድ ግን በየትኛውም ሚዛን ጫና አይሆንም።

የሐኪሙን ወረቀት ማስተካከልም ያስፈልጋል። «ቀላል ሥራ» ለአለቃው ምንም አይነግረውም። «መሰላል አይውጣ፤ በየሰዓቱ ተቀምጦ ሰው ሠራሽ እግሩን ያውልቅ፤ ከ3 ወር በኋላ ይታይ» ቢል ግን ሁሉም የሚያደርገውን ያውቃል።

ቀጠሮው ለወጉ አይደለም። ከተቆረጠው እግር የቀረው ክፍል በመጀመሪያዎቹ ወራት መጠኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ትናንት ልክ የነበረው፣ እግሩ የሚገባበት የሰው ሠራሹ እግር ማቀፊያ ይሰፋዋል፤ ሰውየው ክፍተቱን ለመሙላት ካልሲ መደራረብ ይጀምራል፣ ቆዳው ይቆስላል። ካልሲው ሲበዛ ማቀፊያውን ለማስለካት ደሴ የሚቀርበት ቀን ያስፈልገዋል። ያ ቀን ከመጀመሪያው በስምምነቱ ላይ ካልተጻፈ ወር ሲያልቅ «ቀሪ» ተብሎ ይመዘገባል።