ባዶ ወንበርም ወጪ አለው

«የኢንተርኔት መስመሩ ወርሃዊ ክፍያ አልተለወጠም፤ ታዲያ የሰዓት ዋጋ ላይ 10 በመቶ የጨመራችሁት ለምንድን ነው?»

እውነት ነው፣ አልተለወጠም። ስህተቱ የኢንተርኔት ቤት ሂሳብ በመስመር ክፍያ ያልቃል ብሎ ማሰቡ ላይ ነው። ይህን የደንበኞቼን ጥያቄ በቀን ሦስት ጊዜ እየመለስኩ ስለ ደከመኝ ደብተሬን ልክፈትላችሁ።

10 ኮምፒውተሮች አሉን። በቀን 12 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ስንሠራ 3120 ሰዓት ለሽያጭ እናቀርባለን። ባለፈው ወር የተሸጠው 1300 ነው። በቀረው ጊዜ ወንበሩ ባዶ ነበር፤ ኪራይ፣ ደመወዝና መስመር ግን ሰው ተቀመጠም አልተቀመጠም ይከፈላሉ። ከሁለት ዓመት በፊት 1600 ሰዓት እንሸጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኢሜይል ማየቱ ወደ ስልክ ስለ ሄደ ወደ እኛ የሚመጣው በአብዛኛው ፎርም የሚሞላና ጽሑፍ የሚያትም ሰው ነው። ወጪው ምንም ባይጨምር እንኳ በ1600 ይካፈል የነበረው በ1300 ሲካፈል የአንዱ ሰዓት ድርሻ በ23 በመቶ ገደማ ያድጋል። ከዚህ ውስጥ 10ሩን ብቻ ወደ እናንተ አስተላለፍኩ። ቀሪውን የቻልኩት ጥግ ላይ ያሉትን ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች መቀየሩን ወደ ሌላ ጊዜ በማስተላለፍ ነው። ለመነሣት የሚያዘግሙት ለዚህ ነው፤ አልደብቅም።

«ስክሪኑን ካጠፋሁ ኮምፒውተሩ መብራት አይፈጅም።» ይፈጃል። ሳጥኑ እየሠራ ነው፣ ሰዓቱም እየቆጠረ ነው። ስትጨርሱ ከመለያችሁ ውጡ።

«ዋጋ ከጨመረ ፍጥነቱም ይጨምራል።» አይጨምርም። መስመሩ ያው 20 ሜጋቢት ነው፣ የምትጋሩትም ያው ናችሁ።

«ጭማሪው የድሃውን ሰው ኪስ አራቆተ።» ይህኛው ቢያምም ልመልሰው። ጭማሪው በቀድሞው ዋጋ ሲሰላ ከአንድ ሰዓት 6 ደቂቃ ያህል ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛችን የሥራ ማመልከቻ ሲሞላ ፎቶግራፉ ከተፈቀደው መጠን በላይ ስለ ነበር ገጹ ደጋግሞ መለሰበት፤ እኔን እስኪጠራ 40 ደቂቃ ባከነ። እባካችሁ፣ ሰዓቱን ከማስጀመራችሁ በፊት የሚጠየቀውን የፋይል ዓይነትና መጠን አረጋግጡ፤ ደብዳቤውን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኑ፤ የይለፍ ቃላችሁን ከቤት አስታውሳችሁ ኑ። ፎቶግራፍ ማሳነሱን እኔ በነፃ እሠራለሁ፣ ግን ቶሎ ጥሩኝ።

አስቀድማችሁ የገዛችሁት የሰዓት ካርድ እስኪያልቅ በቀድሞው ዋጋ ይሠራል፤ የኅትመት ዋጋም አልተነካም። ሳትቆጡ ምክንያቱን ጠይቃችሁ፣ ደብተሩን አይታችሁ ወደ ወንበራችሁ የተመለሳችሁ የዘወትር ደንበኞቻችን፣ ከልብ አመሰግናለሁ። ከ1300ው ሰዓት ብዙው የእናንተ ነው።