የፍላጎት ኢላስቲሲቲ ምንድን ነው? ዳቦ ቤቱስ ዋጋ ይጨምር?

«ዳቦ የግድ ነው፤ ኢላስቲክ አይደለም። ስለዚህ ዳቦ ቤቱ ዋጋ ቢጨምር ገዢ አያጣም።» አንድ አስተያየት ሰጪ ሰሞኑን እንዲህ ብሎ ጽፎ አየሁ። ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ አሁንስ መልስ ልስጥ።

ኢላስቲሲቲ ዋጋ ሲቀየር ሽያጭ ምን ያህል እንደሚቀየር ይለካል፤ የሽያጩን ለውጥ በመቶኛ ለዋጋው ለውጥ በመቶኛ አካፍለን እናገኘዋለን። ወዳጄ፣ የዳቦ ኢላስቲሲቲና የአንድ ዳቦ ቤት ኢላስቲሲቲ ይለያያሉ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ዳቦ በሙሉ ቢወደድ ሰው ትንሽ ይቀንስ ይሆናል እንጂ አይተወውም። አንዱ ዳቦ ቤት ብቻውን ሲጨምር ግን ደንበኛው መንገድ ተሻግሮ ከጎረቤት ይገዛል።

እንበል፣ ዳቦ ቤቱ ዋጋውን ከ10 ብር ወደ 12 ብር አደረገ። በቀን ይሸጥ የነበረው 1,000 ዳቦ ወደ 800 ወረደ። በተለመደው መቶኛ ዋጋው 20 በመቶ ጨመረ፤ ሽያጩ 20 በመቶ ቀነሰ፤ ውጤቱ 1 ነው። ከ12 ወደ 10 ብር ብትመለስ ግን ዋጋው 16.7 በመቶ ይቀንሳል፤ ሽያጩ 25 በመቶ ይጨምራል፤ ያው ለውጥ 1.5 ይሰጥሃል። ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስትወጣ ዳገት ነው፤ ስትመለስ ቁልቁለት። የመንገዱ ርዝመት ግን ያው ነው። የኛ መቶኛ ግን የተነሳህበትን ከተማ እያየ ርዝመቱን ይቀያይራል።

ለዚህ ነው በአማካዩ የምናካፍለው። የሽያጩ ለውጥ 200፣ የሁለቱ አማካይ 900፤ ይህ 22.2 በመቶ ነው። የዋጋው ለውጥ 2 ብር፣ አማካዩ 11፤ ይህ 18.2 በመቶ ነው። 22.2ን ለ18.2 ስናካፍል 1.22 ገደማ እናገኛለን (የመቀነስ ምልክቱን ትተነዋል)። ወጣህም ወረድህም መልሱ አንድ ነው።

ከ1 በላይ ሲሆን ዋጋ ሲጨምር ገቢ ይቀንሳል። እውነትም 10,000 ብር የነበረው ገቢ 9,600 ሆኗል። ተራው መቶኛ ግን «1 ነው፣ ገቢህ አልተነካም» ብሎ ሸውዶን ነበር። ከ1 በታች ማለት ደግሞ ገዢ አይቀንስም ማለት አይደለም፤ ከዋጋው ጭማሪ ባነሰ መቶኛ ይቀንሳል ማለት ነው።

ቆይ ግን፣ ገቢ ትርፍ አይደለም። ለአንድ ዳቦ ዱቄቱ፣ እርሾውና መብራቱ 7 ብር ከፈጀ፣ ድሮ በቀን 3,000 ብር ይተርፈው ነበር። አሁን በ800 ዳቦ 4,000 ይተርፈዋል። ስለዚህ «ከ1 በላይ ስለሆነ አትጨምር» የሚለውም ችኩል ምክር ነው። ከ1 በታች ቢሆን ኖሮ ግን ጥያቄ የለውም፤ ገቢው ይጨምራል፣ ወጪው ይቀንሳል።

ደግሞ 200ውን ዳቦ ያስቀረው ዋጋው ብቻ ነው ወይ? የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ለዕረፍት በወጡበት ሳምንት ዋጋ የጨመረ ሰው ይህን ስሌት ባይሠራው ይሻለዋል። ዋጋ ያልቀየረው ጎረቤት ዳቦ ቤት በዚያው ሳምንት ስንት እንደሸጠ መጀመሪያ ይጠይቅ።